የቆመ መርከብ ሒሳብ በማን ላይ ነው?

50,000 ቶን ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ፊት ለፊት መልህቁን ጥሎ ተራ ሲጠብቅ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሥራ የፈታ ይመስላል። ሒሳቡ ግን አይቆምም። ጀነሬተሩ ነዳጅ ይበላል፤ መርከበኞቹ ደመወዝ ይታሰብላቸዋል፤ የመድንና የባንክ ወለድ ቀን በቀን ይቆጠራል። ከዚያም በላይ መርከቡ በእነዚያ ቀናት ሌላ ጭነት ይዞ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ ያመልጣል። የዚህ ሁሉ ድምር ገበያው ሞቅ ባለ ጊዜ በቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚወሰነው ጅቡቲ ላይ አይደለም፤ መርከቡ ከመጫኑ ከሳምንታት ወይም ከወራት በፊት በተፈረመ የኪራይ ውል ነው።

ነገሩን በመኪና ማየት ይቀላል። አንድ ነጋዴ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ጤፍ ለማምጣት አይሱዙ ሲይዝ ሁለት ዓይነት ስምምነት ሊያደርግ ይችላል። “በኩንታል ይህን ያህል” ብሎ ከተስማማ ናፍጣው፣ የመንገዱ ክፍያ፣ የሾፌሩና የረዳቱ አበል የባለመኪናው ነው፤ መኪናው መንገድ ላይ ቢዘገይም ነጋዴው የሚከፍለው ያንኑ የኩንታሉን ዋጋ ነው። በቀን ሒሳብ ከያዘው ግን ናፍጣውን ራሱ ይሞላል፣ መኪናውን ወደ ፈለገበት ይልካል፣ ሄደም ቆመም የቀኑን ኪራይ ይከፍላል። የመርከብ ኪራይም መሠረቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቮዬጅ ቻርተር፣ ማለትም የጉዞ ኪራይ ይባላል፤ ሁለተኛው ታይም ቻርተር፣ የጊዜ ኪራይ ነው።

በጉዞ ኪራይ ባለመርከቡ የሚሸጠው አገልግሎት ይህን ጭነት ከዚህ ወደብ አንስቶ እዚያ ወደብ ማድረስ ነው። ዋጋው በቶን ወይም በአንድ ጠቅላላ ድምር ይቆረጣል። ነዳጁን እሱ ይገዛል። ውሉ በጥር ተፈርሞ የነዳጅ ዋጋ በመጋቢት ቢያሻቅብ፣ ማስተካከያ የሚፈቅድ አንቀጽ ካላስገባ በቀር ኪሳራው የእሱ ነው። የስዊዝ ቦይ መተላለፊያንም የሚከፍለው እሱ ነው።

የወደብ ወጪ ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወደብ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋልና። መርከቡ ወደብ በመግባቱ የሚከፈል ወጪ አለ፤ የወደብ መሪው፣ የጎታች ጀልባዎቹ፣ የማሠሪያው፣ የማቆሚያው። ይህ በጉዞ ኪራይ የባለመርከቡ ድርሻ ነው። ሌላው በጭነቱ ምክንያት የሚወጣው ነው፤ የወደብ ሠራተኛው፣ ማዳበሪያው ከመርከቡ ሆድ ወጥቶ በከረጢት የሚሞላበት ማሽን፣ የጭነት መኪናው። እንደ ማዳበሪያና ስንዴ ባለው ብትን ጭነት በአብዛኛው ውሎች ይህኛው የሚወድቀው በተከራዩ ላይ ነው። ውሉ ውስጥ “መጫንና ማራገፍ ከባለመርከቡ ወጪ ነፃ” የሚል ሐረግ ካለ ትርጉሙ ይህ ነው፤ ሐረጉን ሳያስተውል የፈረመ ገዢ መርከቡ ከመጣ በኋላ ያልጠበቀው ሒሳብ ይመጣበታል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ጊዜ ነው። መርከቡ ባሕር ላይ እስካለ ድረስ መዘግየቱ የባለመርከቡ ነው። ማዕበል ቢያዘገየው፣ ሞተሩ ቢደክም፣ በቦይ ተራ ቢጠብቅ፣ የቶኑ ዋጋ አይጨምርለትም። ወደቡ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ወደ ተከራዩ እጅ ይዞራል፤ ጭነቱን የሚያራግፈው ተከራዩ ነውና። ስለዚህ ውሉ ለተከራዩ የተወሰነ ነፃ ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ቀን አስቀድሞ የተቆረጠ መቀጫ ይከፈላል፤ ይህ ዲመሬጅ ነው። አስመጪዎቻችን ይህን ስም በደንብ የሚያውቁት በኮንቴይነር ነው፤ ያኛው ኮንቴይነሩ ተርሚናል ላይ በመቆየቱ የሚከፈል ነው፤ እዚህ የምናወራው ግን ለመላው መርከብ ስለሚከፈለው ነው።

አሁን አንድ መርከብ እንከተል። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ደንቦቹ ግን በገበያው ላይ በየቀኑ የሚሠራባቸው ናቸው። መርከቡ ከሞሮኮው ጆርፍ ላስፋር 50,000 ቶን ማዳበሪያ ጭኖ በስዊዝ በኩል ጅቡቲ ይመጣል። የማጓጓዣው ዋጋ በቶን 24 ዶላር፣ በድምሩ 1,200,000 ዶላር ነው። ውሉ ቢምኮ የተባለው የመርከብ ባለቤቶችና ወኪሎች ማኅበር ያዘጋጀው የ1994 የጄንኮን ቅጽ ነው። የማራገፊያ ፍጥነቱ በቀን 5,000 ቶን ስለሆነ ነፃው ጊዜ 10 ቀን ይሆናል። ዓርብ ቢሠራበትም አይቆጠርም። ዲመሬጁ በቀን 18,000 ዶላር ነው።

መርከቡ ሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጅቡቲ መልህቅ መጣያ ይደርሳል። ካፒቴኑ ወዲያው የዝግጁነት ማስታወቂያ ይልካል፤ “ደርሻለሁ፣ ለማራገፍ ዝግጁ ነኝ” የሚል አጭር መልእክት ነው። በጄንኮን ደንብ ማስታወቂያው እስከ እኩለ ቀን ከተሰጠ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው በዚያው ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ በሥራ ሰዓት ከተሰጠ በማግሥቱ የሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። ስለዚህ የእኛ መርከብ ሰዓት ሰኞ 7 ሰዓት ላይ ተነሣ።

ማቆሚያዎቹ በሌሎች መርከቦች ተይዘዋል። እንግዲህ መርከቡ መልህቁ ላይ ሆኖ “ደርሷል” ይባላል ወይ? ይህ ጥያቄ የእንግሊዝን ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዘመን አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆሐና ኦልደንዶርፍ በተባለችው መርከብ ክርክር ላይ የጌቶች ምክር ቤት አንድ መለኪያ አስቀመጠ፤ መርከቡ መርከቦች ዘወትር በሚጠብቁበት የወደቡ ክልል ውስጥ ካለና ለተከራዩ ትእዛዝ ዝግጁ ከሆነ ደርሷል። የጅቡቲ ወረፋም በዚህ መለኪያ የተከራዩ ወረፋ ነው። ያ መጠበቂያ ስፍራ ከወደቡ ሕጋዊ ወሰን ውጭ ቢሆን ወይም ውሉ ራሱ “ሰዓቱ የሚቆጠረው ማቆሚያው ላይ ሲታሰር ብቻ ነው” ቢል ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ወረፋው የባለመርከቡ ይሆናል።

መርከቡ አንድ ሳምንት ጠብቆ በቀጣዩ ሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ማቆሚያ አገኘ። ማራገፉ ሲጀመር ግን መኪና በበቂ አይመጣም። በቀን 5,000 ቶን ለማንሳት፣ አንድ ተሳቢ 40 ቶን ቢጭን፣ በየቀኑ 125 መኪና መሰለፍ አለበት። አንዱ መኪና ወደ መሀል አገር ደርሶ ለመመለስ አንድ ሳምንት ቢፈጅበት ይህን ፍጥነት ሳያቋርጡ ለመያዝ 875 መኪና ለዚህ አንድ መርከብ ብቻ መመደብ ይኖርበታል። እኛ ያገኘነው የዚህን ግማሽ ያህል ነው እንበል። በቀን 2,500 ቶን እየተነሣ ማራገፉ 20 ቀን ፈጀና እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አለቀ። መርከቡ ከመጣ 27 ቀን ሞላው ማለት ነው።

ነፃዎቹ 10 ቀናት ያለቁት መቼ ነው? ሁለት ዓርቦች ስለተዘለሉ፣ ከደረሰ በ12ኛው ቀን፣ ቅዳሜ 7 ሰዓት ላይ። ከዚያ እስከ 27ኛው ቀን 15 ቀን አለ። እዚህ ላይ አዲስ ሰው የሚደነግጥበት ደንብ ይመጣል። ዲመሬጅ አንዴ ከጀመረ ዓርብም፣ በዓልም፣ ዝናብም አያቆመውም፤ ውሉ በግልጽ ካልተናገረ በቀር ሁሉም ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ነፃው ጊዜ ውስጥ ሳሉ የተዘለሉት ዓርቦች አሁን ሙሉ ዋጋ ያስከፍላሉ። 15 ቀን በ18,000 ዶላር ሲባዛ 270,000 ዶላር ነው። በቶን 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በኩንታል 54 የአሜሪካ ሳንቲም። ገበሬው ጓሮ ሲደርስ ማዳበሪያው ላይ ያረፈ ወጪ ነው፤ ለአንድ ቅንጣት ተጨማሪ ማዳበሪያ እንኳ ያልዋለ። በነፃው ጊዜ ውስጥ ቀድሞ ለጨረሰ ተከራይ ደግሞ፣ ውሉ ከፈቀደ፣ ለተረፈው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የዲመሬጁ ግማሽ ይመለስለታል።

ጭነቱ ራሱ በመቆየቱ ቢበላሽስ? ይህን የሚመልስ ቅርብ ጊዜ የተሰጠ ፍርድ አለ። ኢተርናል ብሊስ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2015 ከብራዚል 70,000 ቶን ገደማ አኩሪ አተር ጭና የቻይናው ሎንግኩ ወደብ ደረሰች። በወደቡ መጨናነቅና በማከማቻ እጥረት ከ30 ቀን በላይ መልህቅ ላይ ቆመች። ሲራገፍ አተሩ ከፊሉ ሻግቶና ተጋግሮ ተገኘ፤ ባለመርከቡም ለጭነቱ ባለቤቶች ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ከዚያ ይህን ገንዘብ ከዲመሬጁ በተጨማሪ ከተከራዩ ለማስመለስ ከሰሰ። የመጀመሪያው ዳኛ ፈቀዱለት፤ የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ሻረው። ተከራዩ ያጠፋው ጥፋት በጊዜው አለማራገፉ ብቻ ከሆነ፣ ዲመሬጅ የዚያ ጥፋት ውጤት የሆነውን ኪሳራ ሁሉ ይሸፍናል አለ። ለተከራይ ይህ ታላቅ ዋስትና ነው፤ መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ በውሉ ላይ የታወቀ ቁጥር ነው።

በጊዜ ኪራይ ይህ ሁሉ ቆጠራ የለም። ነፃ ቀን የለም፣ ዲመሬጅ የለም፣ የዝግጁነት ማስታወቂያ ላይ ክርክር የለም። ተከራዩ መርከቡን ከተረከበበት ደቂቃ እስከ መለሰበት ደቂቃ በቀን ይከፍላል። ካፒቴኑና መርከበኞቹ የባለመርከቡ ሠራተኞች ሆነው ይቀጥላሉ፤ ደመወዛቸው፣ ምግባቸው፣ የመርከቡ ጥገናና መድን የእሱ ነው። ወዴት እንደሚሄድ የሚያዘው ግን ተከራዩ ስለሆነ ነዳጁን፣ የቦዩን ክፍያ፣ ከላይ በሁለት የከፈልነውን የወደብ ወጪ ሁሉንም የሚሸከመው እሱ ነው። የዚህ ውል አንጋፋ ቅጽ የኒውዮርክ የምርት ገበያ የተባለው ተቋም ያወጣው ነው፤ በ1946 የተሻሻለው እትሙ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ያንኑ መርከባችንን በጊዜ ኪራይ ወስደነው ቢሆንስ? ኪራዩ በቀን 14,000 ዶላር ይሁን። ወደብ ላይ ለጀነሬተርና ለክሬን በቀን 3 ቶን ነዳጅ ይበላል፤ ቶኑ በ600 ዶላር 1,800 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ አንድ ቀን 15,800 ዶላር ነው፤ 27ቱ ቀናት 426,600 ዶላር። በዲመሬጁ ጊዜ የባከኑትን 15 ቀናት ብቻ ከለየናቸው 237,000 ዶላር ይሆናሉ፤ ከ270,000ው ያነሰ ነው። ይህን አይቶ የጊዜ ኪራይ ይሻላል ማለት ግን ስህተት ነው። እዚህ ላይ ባሕሩም የተከራዩ ነውና። ሙሉ ጭነት ይዞ ሲጓዝ በቀን 25 ቶን የሚበላ መርከብ አንድ የባሕር ቀን ነዳጁና ኪራዩ ተደምሮ 29,000 ዶላር ያወጣል። አሥር ቀን የሚያስጨምር አንድ ነገር መንገድ ላይ ከተፈጠረ ጅቡቲ ላይ የተረፈው ሁሉ ይበላል።

እንዲህ ያለ ነገር እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2021 ተፈጠረ። ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ ስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀን ዘጋች፤ ከ400 በላይ መርከቦች ተሰለፉ። ሰልፉ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተመሳሳይ መርከቦች ሒሳባቸው ፍጹም የተለያየ ነበር። በጉዞ ኪራይ የተያዘው ገና መድረሻው ወደብ ስላልደረሰ የተከራዩ ሰዓት አልተነሣም፤ ስድስቱ ቀናት የባለመርከቡ ኪሳራ ናቸው። በጊዜ ኪራይ የተያዘው ግን በየቀኑ ኪራይ ይቆጥር ነበር፤ የሚከፍለው ተከራዩ ነው።

ተከራዩ “መርከቡ አልሠራልኝም” ብሎ ማቆም አይችልም? ኪራይ የሚቆምበት ሁኔታ በውሉ ተዘርዝሯል፤ በንግዱ ቋንቋ ኦፍ ሃየር ይሉታል። የ1946ቱ ቅጽ የሠራተኛ ወይም የስንቅ ጉድለትን፣ እሳትን፣ የመርከቡን አካል፣ የሞተርና የመሣሪያ ብልሽትን፣ መሬት ላይ መሰካትን፣ ለጥገና መውጣትን የመሳሰሉትን ይጠቅሳል። እነዚህ በአብዛኛው ከመርከቡ ከራሱ የሚመነጩ እክሎች ናቸው። መርከቡና ሠራተኞቹ ሙሉ ጤነኛ ሆነው መንገዱ ስለተዘጋ ብቻ የቆሙ እንደሆነ ኪራዩ ይቀጥላል። ኤቨር ጊቭን ራሷ ግን መሬት ላይ የተሰካችው እሷ በመሆኗ ሌላ ታሪክ ናት።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር የተከሰተው የሁቲዎች ጥቃት ብዙ መርከቦችን በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ ሲያዞር ያው ክፍፍል እንደገና መጣ፤ በጊዜ ኪራይ ተጨማሪው ነዳጅና ቀን በተከራዩ ላይ ወደቀ። የጉዞ ኪራይ ተከራይም ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። በጄንኮን የጦርነት አንቀጽ መሠረት ባለመርከቡ በአደጋው ምክንያት መንገድ ቀይሮ ተጨማሪው ርቀት ከ100 ማይል ከበለጠ፣ በርቀቱ መጠን ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። የቶኑ ዋጋ የማይነካ መስሎት ይህን አንቀጽ ሳያነብ የፈረመ ሰው አለ።

የጊዜ ኪራይ ሌላ ራስ ምታት ነዳጅ ነው። ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የባለመርከቡ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ባለመርከቡ ቃል ይገባል፤ መርከቡ በመልካም አየር በይህን ያህል ኖት ፍጥነት ሲሄድ በቀን ይህን ያህል ቶን ይበላል ይላል። ተከራዩም በየቀኑ የሚላክለትን የካፒቴን ሪፖርት ከአየር ጠባይ መረጃ ጋር እያመሳከረ ያጣራል፤ ብልጫ ካገኘ ከኪራዩ ላይ ይጠይቃል። ችግሩ መርከብ ሞቃት ወደብ ላይ ብዙ ሲቆም ከውኃ በታች ያለው አካሉ በባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትና በአልጌ ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። እንደ ጅቡቲ ባለ ሙቅ ውኃ ሳምንታት መቆም ለዚህ የተመቸ ነው። ማጠቢያውን ማን ይከፍላል? ኪትሳ የተባለችው መርከብ ሕንድ ውስጥ ቪሳካፓትናም ላይ 22 ቀን ቆማ ክፉኛ ተሸፍና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የለንደን ፍርድ ቤት ባለመርከቡ ኪራዩን ሲቀበል አብሮ የተቀበለው የተለመደ ስጋት ነው ብሎ ወጪውን በእሱ ላይ ተወው። ከዚያ ወዲህ ባለመርከቦች ከተወሰኑ የቆይታ ቀናት በኋላ ማጠቢያውን ወደ ተከራዩ የሚያዞር አንቀጽ ማስገባት አዘውትረዋል።

በሁለቱም ውል ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የሚከፈተው ሰነድ አንድ ነው፤ የወደብ ወኪሉ በሰዓትና በደቂቃ የሚጽፈው የሥራ መዝገብ። መርከቡ መቼ ደረሰ፣ ማስታወቂያው መቼ ተሰጠ፣ መቼ ታሰረ፣ ሥራው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ። “ዝናብ” የሚለው ቃል፣ ውሉ የሚቆጥረው ዝናብ የሌለበትን የሥራ ቀን ብቻ ከሆነ፣ በነፃው ጊዜ ውስጥ ሰዓቱን ለተከራዩ ያቆምለታል። “የመርከቡ ክሬን ተበላሸ” የሚለው በጉዞ ኪራይም በጊዜ ኪራይም ተከራዩን ይጠቅማል። “መኪና የለም” የሚለው መስመር በሁለቱም ውል የተከራዩ ወጪ ነው። ስለዚህ የተቀባዩ ሰው ወደቡ ላይ ቆሞ ይህን መዝገብ ሳያነብ መፈረም የለበትም። የማይስማማበትን መስመር አጠገቡ ጽፎ፣ ተቃውሞውን አስመዝግቦ ይፈርም፤ ከወራት በኋላ ለንደን ላይ የሚታየው ያ ወረቀት ነው።

ገዢው ራሱ መርከብ ባይከራይስ? በኤፍኦቢ ሲገዛ መርከቡን የሚይዘው እሱ ነው። በሲኤፍአር ሲገዛ የሚከራየው ሻጩ ነው፤ ማራገፊያው ላይ የሚፈጠረው ዲመሬጅ ግን በሽያጭ ውሉ በኩል ወደ ገዢው እንዲዞር ይጻፋል። ስለዚህ ሲኤፍአር የገዛ ሰው “መርከቡ የእኔ አይደለም” ብሎ ሊያርፍ አይችልም። ሊደራደርበት የሚገባው ቁጥር የማራገፊያው ፍጥነት ነው። በእኛ ምሳሌ ውሉ ከመጀመሪያው በቀን 2,500 ቶን ቢል ኖሮ ነፃው ጊዜ 20 ቀን ይሆን ነበር፤ ሦስት ዓርቦች ሲዘለሉ ጊዜው የሚያልቀው በ23ኛው ቀን ነው። ዲመሬጁ 4 ቀን፣ 72,000 ዶላር ብቻ። ባለመርከቡ የቶኑን ዋጋ ከፍ እንደሚያደርግ አያጠራጥርም፤ ለረጅም ቆይታ አስቀድሞ ይሰላልና። እኔ ግን 5,000 ቶን ብሎ ርካሽ ዋጋ ከማግኘት በፊት ጅቡቲ ላይ በቀን 125 መኪና በእርግጥ ይሰለፋል ወይ ብሎ የመኪናውን ማኅበር መጠየቅ ይቀድማል እላለሁ። ያ ጥያቄ የሚጠየቀው ደግሞ የኪራይ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።